በ‎STM32F103 ላይ የትኛው ክሎክ ይሻላል? ውስጣዊ ኦሲሌተር፣ ክሪስታል ወይስ ፒኤልኤል

STM32F103 ርካሽና በየገበያው የሚገኝ ማይክሮኮንትሮለር ነው። ቺፑን ብቻ ገዝተው የራስዎን ቦርድ ሊሠሩ ካሰቡ፣ የቺፑን የሥራ ምት ማለትም ክሎኩን የሚሰጥ ክሪስታል ይግባበት ወይስ ይቅር የሚለውን አስቀድመው መወሰን ያስፈልጋል።

| ምንጭ | ከፍተኛ ፍጥነት | ስህተት | ለዩኤስቢ |
|---|---|---|---|
| ውስጣዊ ኦሲሌተር ብቻ | 8 ሜጋኸርዝ | እስከ 2.5 በመቶ | አይሆንም |
| ውስጣዊ ከፒኤልኤል ጋር | 64 ሜጋኸርዝ | እስከ 2.5 በመቶ | አይሆንም |
| የ8 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ከፒኤልኤል ጋር | 72 ሜጋኸርዝ | ከ0.01 በመቶ በታች | ይሆናል |

ሁለተኛው ረድፍ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ፒኤልኤል የሚባለው የቺፑ ክፍል የክሎክን ፍጥነት ያባዛል እንጂ ስህተትን አያርምም። ውስጣዊው ኦሲሌተር 2 በመቶ ከፈጠነ፣ 64 ሜጋኸርዝ ሆኖ የሚወጣውም 2 በመቶ የፈጠነ ነው። ከ64 የማያልፈውም ምልክቱ ፒኤልኤል ከመግባቱ በፊት ለሁለት ስለሚከፈል ነው፤ 4 ሜጋኸርዝ በ16 ሲባዛ 64 ይሆናል። ክሪስታሉ ግን ሳይከፈል በ9 ተባዝቶ 72 ይሰጣል፤ ይህ በ1.5 ሲካፈል ደግሞ ዩኤስቢ የሚፈልገው 48 ሜጋኸርዝ ይገኛል።

ስህተቱ በሥራ ላይ ምን ያመጣል? ቢቶችን ተራ በተራ በሚልከው ዩአርት በሰከንድ 115200 ቢት ሲላክ እንይ። 8,000,000 ለ115200 ሲካፈል 69.44 ይሆናል፤ አካፋዩ የሚጻፍበት መዝገብ የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ስለሆነ 69 እንጽፋለን። በዚህ ብቻ 0.64 በመቶ ፈጠንን። ሙቀት ውስጣዊውን ኦሲሌተር 2.5 በመቶ ካፈጠነው ጠቅላላው ከ3 በመቶ ያልፋል። ተቀባዩ በእያንዳንዱ ባይት መጀመሪያ ራሱን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ እስከ መጨረሻው ቢት ድረስ ስለሚጠራቀም የሚችለው ወደ 3.5 በመቶ ገደማ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ ክሪስታል ካለው ለጥቂት ይተርፋሉ። እርሱም በውስጣዊ ኦሲሌተር የሚሠራና የዘገየ ከሆነ ግን አይግባቡም። የችግሩ ምልክት ጠዋት ደህና የነበረው ጽሑፍ ሳጥኑ ፀሐይ ሲያገኘው መበላሸቱ ነው። ለማረጋገጥ የ`U`ን ፊደል ደጋግመው ይላኩና የአንዱን ቢት ስፋት በኦሲሎስኮፕ ይለኩ፤ 8.68 ማይክሮሰከንድ መሆን አለበት። ፍጥነቱን ወደ 9600 ማውረድ የአካፋዩን ስህተት ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ የኦሲሌተሩን ግን አይነካውም።

ክሎኩን ከ8 ወደ 72 የሚቀይር ሰው ታይመሮቹንም እንደገና ማስላት ይኖርበታል። በ8 ሜጋኸርዝ አንድ ሚሊሰከንድ ለመቁጠር የታይመሩ አካፋይ ላይ 7999 ይጻፋል። በ72 የሚያስፈልገው 71999 ነው፤ ይህ ደግሞ ከ65535 ስለሚበልጥ በ16 ቢት መዝገብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ 7199 ጽፎ በአሥር እጥፍ ፍጥነት መቁጠር ይሻላል።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። በቺፑ ሰነድ መሠረት ሁሉም ክፍሎች በርተው ሲሠራ የተለመደው ፍጆታ በ72 ሜጋኸርዝ 36፣ በ8 ሜጋኸርዝ ደግሞ 5.5 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ይህን አይቶ ዝግተኛው ሁልጊዜ ይቆጥባል ማለት ችኮላ ነው። 8 ሚሊዮን የክሎክ ምት የሚፈጅ ስሌት በ8 ሜጋኸርዝ አንድ ሰከንድ ይወስዳል፤ ከባትሪው 5.5 ሚሊኩሎምብ ቻርጅ ይበላል። በ72 ግን በ0.11 ሰከንድ አልቆ 4 ብቻ ይበላል፤ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ፍላሽ በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስከትለው መጠበቅ ትርፉን መቀነሱ ባይቀርም። መቶ ባይት በ9600 ሲላክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሥራው በማንኛውም ክሎክ 104 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በ72 ላይ 3.7፣ በ8 ላይ ግን 0.57 ሚሊኩሎምብ ብቻ ይፈጃል። እንደኔ ፕሮሰሰሩ የሚያሰላ ከሆነ ያፍጥኑት፣ የሚጠብቅ ከሆነ ያዘግዩት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ቺፑ ከጥልቅ እንቅልፍ ሲነቃ ምንጊዜም በውስጣዊው 8 ሜጋኸርዝ ነው የሚጀምረው። ፒኤልኤሉን ዳግም ካላስነሱ ዩአርቱ በዘጠኝ እጥፍ ዘግይቶ ይልካል።

ስለዚህ መብራት ለሚያበራ ወይም ቁልፍ ለሚያነብ ቦርድ ክሪስታሉን ይተዉት። ዩኤስቢ፣ የካን መገናኛ መስመር ወይም ፈጣን ዩአርት ካለበት ግን የ8 ሜጋኸርዙን ይግዙ፤ ዋጋው ለክርክር የሚበቃ አይደለም። ቀንና ሰዓት መቁጠር ካስፈለገ ሌላ የ32.768 ኪሎኸርዝ ክሪስታል ይጨመራል፤ የ20 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 20፣ ስህተት በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ነው። ቺፑ ውስጥ ያለው ዝግተኛ ኦሲሌተር ከ30 እስከ 60 ኪሎኸርዝ ስለሚዋዥቅ ለሰዓት አይታሰብም። ይህን ትንሹን ክሪስታል ሲገዙ የጭነት ካፓሲታንሱን ይጠይቁ። ገበያውን የሞላው 12.5 ፒኮፋራድ ነው፤ የቺፑ ሰነድ ግን ይህን ፈጽሞ እንዳንጠቀም ይከለክላል፤ 7 ወይም ከዚያ በታች ይላል። ሻጩ ቁጥሩን መናገር ካልቻለ ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።