የአራጣ ብድር እያለ መቆጠብ ወይስ መጀመሪያ ዕዳውን መዝጋት?

አባይ ማዶ የራሱን ባጃጅ የሚነዳ ሰው እናስብ። ሞተሩ ተበላሽቶበት ከአራጣ አበዳሪ 12,000 ብር ወስዷል። ወለዱ በወር 10 በመቶ ነው። የቤት ወጪውና ነዳጁ ተቀንሶ በወር 3,000 ብር ይተርፈዋል። ይሄን ሁሉ ለዕዳው ያውለው ወይስ ግማሹን ባንክ ያስገባ?

የባንክ ተራ ቁጠባ ወለድ በዓመት 7 በመቶ አካባቢ ነው። 12,000 ብር ዓመት ሙሉ ቢተኛ 840 ብር ይወልዳል፤ አበዳሪው በዚያው 12,000 ላይ በአንድ ወር ብቻ 1,200 ይወስዳል። ስለዚህ መልሱ ግልጽ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ ሁሉም ነገር አበዳሪው ገንዘቡን እንዴት እንደሚቀበል ላይ ነው የሚወሰነው።

አንዳንዱ አበዳሪ ከዋናው እየቀነሰ ይቀበላል፣ ወለዱንም በቀረው ላይ ያስባል። እንዲህ ከሆነ ዕዳውን ማስቀደም በሰፊው ይሻላል። ባለባጃጃችን በየወሩ 3,000 ሙሉውን ቢከፍል በስድስተኛው ወር ይጨርሳል፣ የከፈለው ወለድ በድምሩ ወደ 4,100 ብር ነው፣ ከመጨረሻው ወር ክፍያ ደግሞ ወደ 1,900 ብር ይተርፈዋል። ግማሽ ግማሽ ቢያደርገው፣ ማለትም 1,500 ለዕዳ 1,500 ለባንክ፣ በዚያው በስድስተኛው ወር ባንክ ውስጥ ወደ 9,100 ብር ይኖረዋል፣ ዕዳው ግን ገና ወደ 9,700 ነው። ደብተሩን ሲያየው ደስ ይለው ይሆናል፤ ሒሳቡ ሲተሳሰብ ግን ከመጀመሪያው መንገድ በ2,400 ብር ያህል ወደኋላ ቀርቷል።

«ጎማ ቢፈነዳስ?» የሚል ይኖራል፣ ልክ ነው። የመጀመሪያውን ወር 1,500 ለመጠባበቂያ አስቀምጦ ከዚያ ሙሉውን ወደ ዕዳው ማዞር ይቻላል። ግን ነጻ አይደለም፤ ያቺ 1,500 እስከ ስድስተኛው ወር ብትቀመጥ 900 ብር ያህል ተጨማሪ ወለድ ታስከፍላለች። ጎማ በዱቤ የሚሰጥ ጋራዥ ወይም ወለድ የማይጠይቅ ዘመድ ካለ እኔ መጠባበቂያውን እተወው ነበር። ማንም ከሌለና ባጃጁ የቆመ ቀን ቤት ውስጥ ገንዘብ የማይገባ ከሆነ ግን 900 ብሩን ከፍሎ መያዝ ይሻላል፣ አለበለዚያ ያው አበዳሪ ቤት መመለስ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት አበዳሪ «ቁርጥራጭ አልቀበልም፣ ወለዱን በየወሩ፣ ዋናውን ደግሞ አንድ ላይ» ይላል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከወለዱ በላይ የምትሰጡት ብር ዕዳውን አይቀንሰውም፤ ስለዚህ 1,200 ከፍሎ 1,800 ማጠራቀም ግዴታ ነው። ባንክ ቢያስቀምጠው 12,000 የሚሞላው በሰባተኛው ወር ነው፣ እስከዚያ 8,400 ብር ወለድ ሄዷል።

እቁብ የሚበልጠው እዚህ ነው። ሰባት ሰው በወር 1,800 የሚጥልበት እቁብ እጣው 12,600 ብር ነው። እጣው በመጀመሪያው ወር ቢወጣለት የዚያን ወር ወለድ ብቻ ከፍሎ ዋናውን ይዘጋል፣ ቀሪውን ስድስት ወር ደግሞ 1,800 እየጣለ በየወሩ 1,200 በእጁ ይቀራል። በአራተኛው ቢወጣ ወለዱ 4,800 ነው። በመጨረሻው ቢወጣ ደግሞ ከባንኩ የባሰ አይሆንም፣ ያው 8,400 ነው። ስለዚህ ዳኛውን ቀደም ብሎ ማናገር፣ ወይም ቀድሞ የወጣለት ሰው እጣውን የሚሸጥ ከሆነ መግዛት ያዋጣል። 1,000 ብር ጨምሮ ከስድስተኛው ወር ወደ ሁለተኛው ቢመጣ አራት ወር ወለድ፣ ማለትም 4,800 ብር ይድናል። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠየቃል፣ ዋሱን ከወዲሁ ማዘጋጀት ነው። እቁቡ ደግሞ የምታውቁት ሰው ያለበት ይሁን፤ አንድ ሰው ወስዶ ቢጠፋ ሁሉም ይቀልጣል።

የእድር መዋጮን ለማትረፍ የሚያስብ ካለ አይንካው። ሁለት ሦስት ወር የተዘለለ መዋጮ ለቅሶ ሲመጣ የሚያስወጣው ብር ከተረፈው ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ወረቀቱ። አራጣ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወለዱ በውሉ ላይ አይጻፍም፤ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ «15,000 ተበድሬያለሁ» ብሎ የሚያስፈርም አለ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው በየወሩ የሰጠው ገንዘብ ማስረጃ የለውም። የመጀመሪያው ዓይነት አበዳሪ ቢሆንም እንኳ ከዋናው የተቀነሰውን በየጊዜው በቀን አስጽፉ፣ ከተቻለ በባንክ አስተላልፉ። የመጨረሻውን ክፍያ ስትከፍሉ የፈረማችሁበትን ወረቀት፣ ቼክ ሰጥታችሁ ከሆነም ቼኩን፣ ገንዘቡ ከእጃችሁ ሳይወጣ ተቀበሉ።