የመስኮት ብርሃን ወይስ አምፖል?

ነጠላና ጋቢ ቤት ውስጥ በስልክ እያነሳችሁ የምትሸጡ ከሆነ፣ ከካሜራው በላይ ብርሃኑ ይወስናል። የመስኮት ብርሃን ወጪ የለውም፣ የጥለቱንም ቀለም ቆንጆ አድርጎ ያወጣል። ግን ይለዋወጣል። በጠዋት ፀሐይ የተነሳው ነጠላ ቢጫ፣ ደመና ሲመጣ የተነሳው ሰማያዊ ሊመስል ይችላል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደንበኛው ጨርቃቸው የተለያየ ይመስለዋል። ለሁለት ሦስት ዕቃ ብቻ ከሆነ ይበቃል።

ለካታሎግ ግን እኔ አምፖል ነው የምመርጠው። የብርሃን ቀለማቸው 5000 ኬልቪን አካባቢ የሆነ ሁለት ተመሳሳይ ኤልኢዲ አምፖሎች ግራና ቀኝ አድርጉ፣ ብርሃኑን በስስ ነጭ ጨርቅ አለስልሱት፣ መጋረጃውንም ዝጉ፤ የመስኮቱና የአምፖሉ ብርሃን ከተቀላቀለ ነጩ በአንድ በኩል ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከታዩ አምፖሉ ይርገበገባልና ቀይሩት።

በሁለቱም ብርሃን ስልኩ ነጭ ጨርቅን ግራጫ ያደርገዋል። ስክሪኑ ላይ ጨርቁ የሚታይበትን ቦታ በጣት ተጭናችሁ ቆዩና ፎከሱን ቆልፉ፣ ከዚያ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስልኩ ከስታንዱ አይነቃነቅ።

ሲያልቅ ሁሉንም በካሬ ቁረጡ፣ ጎኑን 1200 ፒክስል አድርጉና በጄፔግ 80 ጥራት አስቀምጡ። ብዙ ሜጋባይት የነበረው ፎቶ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል፣ በደካማ ኔትወርክም ቶሎ ይከፈታል።