ሱቅ፣ ባዛር ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ሥራ ሳይለቁ ንግድ ለመሞከር የቱ ይሻላል

«ሥራዬን ልለቅ ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ምሳ ልሸጥ አስቤያለሁ። ሰንጋ ተራ አካባቢ የሚከራይ ቤት ታውቃለህ?» ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይመጣልኛል። አንዱ ምሳ ይላል፣ ሌላዋ ጁስ ትላለች፣ ሦስተኛው ቁርስ ይላል። ቤት ፍለጋው ግን ሁሌም ቀድሞ ነው የሚመጣው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፦ ቤቱን ተዉትና መጀመሪያ ገንዘብ ተቀበሉ።

ምክንያቴን በምሳ ንግድ ላስረዳ፤ ከቅርብ ያየሁት እሱን ነው። አንዲት ጓደኛዬ አንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ደመወዟ እጇ ላይ የሚደርሰው 19,000 ብር ነው። የጾም በያይነት አሽጋ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ላሉ ቢሮዎች መሸጥ ፈለገች። የባንኮቹ ፎቆች እዚያ ተጠጋግተው ስለቆሙ አንድ ልጅ በእግሩ ብዙ ቢሮ ማዳረስ ይችላል። ከፊቷ አራት አማራጭ ነበር።

የመጀመሪያው ሰው መጠየቅ ነው። ምንም አያስወጣም፤ የሚሰጠው መልስም ብዙ አይረዳም። የሥራ ባልደረባችሁን «ምሳ ብሸጥ ትገዢኛለሽ?» ብትሏት «የኔ ቆንጆ፣ እኔማ በየቀኑ ነው የምገዛሽ!» ትላችኋለች። ይሉኝታ ይዟት እንጂ ልትዋሻችሁ ፈልጋ አይደለም። ይልቅ «ትናንት ምሳ ምን በላሽ? ስንት ከፈልሽ? ስንት ደቂቃ ጠበቅሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ያለፈውን ስትናገር ይሉኝታ አይገባባትም፤ ዋጋችሁንም ከዚያ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ባዛር ነው። ጓደኛዬ ለአንድ የበዓል ባዛር ጥግ 12,000 ብር ተጠይቃ ነበር፤ ጠረጴዛና መብራት ለብቻ። ለጌጣጌጥ፣ ለልብስ፣ ለማርና ለቅመም ባዛር መጥፎ አይደለም። ለምሳ ግን አይሆንም። ባዛር የመጣ ሰው ለበዓል የያዘውን ብር ሊያወጣ ነው የመጣው። አንዴ ቀምሶ ይሄዳል፣ ነገ አይመለስም። የምሳ ንግድ ደግሞ የሚቆመው ያው ሰው ማክሰኞም ሐሙስም ሲገዛ ነው። ባዛር ላይ 200 ሳህን ሸጣችሁ ስለዚህ ነገር ምንም ሳታውቁ ወደ ቤታችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ሱቅ መከራየት ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚህ ነው፣ እኔም አጥብቄ የምቃወመው ይህንኑ ነው። ጓደኛዬ ያየቻት ጠባብ ክፍል በወር 20,000 ብር ነበረች፤ አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ጠየቁ። 60,000 ብር መሆኑ ነው። ደላላ አለ፣ ቀለም አለ፣ መደርደሪያ አለ፣ ማጠቢያ ገንዳና ቧንቧ አለ። ስንደምረው ወደ 100,000 ብር ተጠጋ። ከዚህ ውስጥ ንግዱ ካልሠራ ተሸጦ የሚመለሰው ጥቂት ዕቃ ብቻ ነው። ለቀለምና ለቧንቧ የወጣ ብር እዚያው ይቀራል። «ሰው ይገዛል ወይስ አይገዛም?» ለሚል አንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት 100,000 ብር በጣም ውድ ነው።

አራተኛው ቀድሞ ማስከፈል ነው፤ እሷም የመረጠችው ይህንን ነው። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተች። ማታ 2 ሰዓት ላይ የነገ ትዕዛዝ ይዘጋል። የከፈለ ብቻ ይመዘገባል። የአንድ ቀን ምሳ 200 ብር፣ የአምስት ቀን ጥቅል 1,000 ብር። እኅቷ ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ አንድ የሰፈር ልጅ ያደርሳል፤ እሷ ከሥራዋ አትቀርም። መነሻ ወጪዋ ማሸጊያ፣ የመጀመሪያው ቀን አስቤዛና የልጁ ትራንስፖርት ነበር፤ በጠቅላላ ወደ 6,000 ብር። ከዚያ በኋላ አስቤዛው የሚገዛው ደንበኛው ቀድሞ በከፈለው ብር ነው። ድስቱና ምጣዱ ድሮም ቤት ውስጥ ነበረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዋጋዎቹ የእሷ ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

ለአንድ ምሳ ሁለት እንጀራ 50 ብር፣ ወጥና አትክልት 60፣ ማሸጊያ 15፣ ማድረሻ 15፣ የእኅቷ ድካም 10። ድምሩ 150 ብር ይሆናል። ከ200 ሲቀነስ 50 ብር ይተርፋል። የእኅቷን 10 ብር ማስገባት ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የቤተሰብ ጉልበት ሳይቆጥር «60 ብር አተርፋለሁ» ይላል። እኅት ታገባለች፣ ትማራለች፣ ትታክታለች፤ ያኔ ሠራተኛ መቅጠር ሊመጣ ነው።

በወር 22 የሥራ ቀን ብንል፣ በቀን አንድ ምሳ መሸጥ በወር 1,100 ብር ያስገኛል ማለት ነው። ደመወዟን 19,000 ብር ለመተካት በቀን 18 ምሳ ያስፈልጋታል። ሱቅ ብትከራይ ደግሞ 20,000 ብር ኪራይ ይጨመራል፣ የሚያስፈልገውም በቀን 36 ይሆናል። ሱቁ መሸጥ ያለባትን እጥፍ አደረገው። ይህን ሒሳብ ከሠራችሁ በኋላ ሱቁን መጨረሻ ላይ ማምጣት እንጂ መጀመሪያ ላይ ማሰብ ይከብዳል።

ስለዚህ ከመጀመሯ በፊት «18» የሚለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈች። ወዳጅ ዘመድ አይቆጠርም ተባባልን፤ የሚቆጠረው የማታውቀው ሰው የከፈለው ብቻ ነው።

ደመወዝ በወጣበት ሳምንት በአማካይ 22 ምሳ ሸጠች። ደስ አላት፣ ሥራ ልትለቅም ተነሳች። «ወሩ ይለቅ» አልኳት። ደመወዝ ሊወጣ ሲቃረብ ቁጥሩ ወደ 13 ወረደ። ከቢሮ ሠራተኛ ጋር የምትነግዱ ከሆነ ይህ ሁሌም ያለ ነገር ነው፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ሰው ከቤት ምሳ ይቋጥራል። ሙከራችሁ ሙሉ ወር ካልያዘ ግማሽ እውነት ነው የምታዩት።

ሌላው የታየው የጾም ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ ትዕዛዙ ይጨምራል፣ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ይቀንሳል። በሁዳዴ ጀምራ ቢሆን ኖሮ 55ቱን ቀን ሙሉ ገበያው ጥሩ መስሎ ይታያት ነበር፤ ከፋሲካ ማግስት ግን ሁሉም ሥጋ ቤት ነው። የሥጋ ምግብ የሚሸጥ ደግሞ በሁዳዴ ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ ቢተው ተሳሳተ። ረመዳን ላይም እንዲሁ ብዙ ደንበኛ ምሳ አይበላም። ከጾም ውጭና በጾም፣ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የማምነው ምልክት ግን የአምስት ቀን ጥቅሉ ነው። አንዴ የገዛ ሰው ለመቅመስ ገዛ። ጥቅሉን ጨርሶ ሳትጠይቁት እንደገና 1,000 ብር የላከ ሰው ነው ደንበኛ የሚባለው። በየሳምንቱ የደገሙትን ቁጠሩ፤ አዲስ የመጡትን ለብቻ ጻፉ። የሚደግመው እየቀነሰ አዲሱ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ምግቡ ወይም አደራረሱ ችግር አለበት።

ይህ መንገድ የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛው የሐሰት ደረሰኝ ነው። ስልክ ላይ ተነስቶ የሚላክ የክፍያ ምስል በቀላሉ ይቀየራል፤ የድሮ ደረሰኝ ላይ ቀን ለውጦ የሚልክ ሰው አለ። ምስል አይታችሁ ምግብ አትላኩ። ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ማጭበርበሪያ ነው። ለንግዱ ለብቻው ሒሳብ መክፈትም ይህን ማጣራት ያቀላል፤ የደመወዝና የምሳ ብር ከተቀላቀለ ትርፍና ኪሳራ አይለይም።

ሁለተኛው የተገዛ ሜምበር ነው። «ቻናልሽን በአንድ ሌሊት አምስት ሺህ አደርግልሻለሁ» የሚሉ አሉ፤ ዋጋቸውም ርካሽ ነው። አትግዙ። በጽሑፉ ሥር ያለውን የዓይን ምልክት እዩት፦ አምስት ሺህ ሜምበር ያለው ቻናል ጽሑፉን ስልሳ ሰው ካየው ቀሪው ባዶ ነው። ለሙከራ ከአንድ ሕንፃ የተሰበሰቡ ሠላሳ እውነተኛ ሰዎች ይበልጣሉ።

ሦስተኛው ማሸጊያው ነው። ርካሹ ዕቃ ላይ ሁለት ሦስት ብር ይተርፋል፤ ትኩስ ሽሮ ሲገባበት ግን ክዳኑ ይላላና ወጡ ቦርሳ ላይ ይፈስሳል። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ሳምንት ያጣቻቸው ደንበኞች በዚህ ምክንያት ነው የሄዱት። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ውሰዱ፣ የፈላ ውኃ ሞልታችሁ ክደኑት፣ ጥቂት ደቂቃ ዘቅዝቃችሁ ያዙት። ካፈሰሰ ተዉት። ፈሳሽ ወጥ ደግሞ ለብቻው ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ቢሆን ይሻላል።

አደራረስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ምሳ ሰዓት ላይ በረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ሊፍት ፊት ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። ልጁ በየፎቁ ልውጣ ካለ የመጨረሻው ምሳ ቀዝቅዞ ይደርሳል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ጋ፣ በስም ተለጥፎ፣ ማኖር ነው የሠራው።

ቅድሚያ ክፍያ የማይሠራበት ንግድም አለ። ፀጉር ቤት፣ ካፌ፣ መንገድ አላፊ የሚገባበት ሁሉ ቦታው ራሱ ዋና ነገር ነው። ያኔም ቢሆን ሱቅ አትከራዩ። ፀጉር ሠሪ ከሆናችሁ የሌላ ሰው ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ወንበር ተከራይታችሁ ቅዳሜና እሑድ ሥሩ። ጁስ ከሆነ የሌላ ሰው ካፌ ጥግ ላይ በፐርሰንት ተስማሙ።

ጓደኛዬ ሥራዋን አልለቀቀችም። የወሩ አማካይ ከ18 በታች ሆነ። አሁን የምትሸጠው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው፤ በእነዚህ ቀናት ከ25 በላይ ይታዘዛታል፣ አስቤዛም አይተርፍም። ቀጣዩ እቅዷ የዓመት ፈቃዷን በአንድ ላይ ወስዳ አምስቱንም ቀን ራሷ ቆማ፣ የሥጋ ምግብ ጨምራ መሞከር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፣ ከዚያም ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ደመወዝ ሳይቋረጥ ከሦስት ሳምንት በላይ መሞከሪያ ማለት ነው። በቋሚነት ከተገባበት ንግድ ፈቃድና ለምግብ ሠሪዋ የጤና ምርመራ ያስፈልጋል፤ ያኔ ወጪው ተካፍሎ በ150 ብሩ ላይ ይጨመራል። መልቀቅ ከመጣም በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጥ፣ ደብዳቤውን ካስገባች በኋላ አንድ ተጨማሪ የደመወዝ ወር ይኖራታል።