የእህቴን ዓይን ሳትጎትት ለከፈተችልን የዓይን ነርስ

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቴ ለአክስታችን ልጅ ሠርግ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ልታስተክል ሄዳ የማጣበቂያ ጠብታ ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ማጣበቂያው እርጥበት ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል። ደንግጣ ስትጨፍን የዓይኗ ቆቦች እንደተጣበቁ ቀሩ። የጸጉር ቤቷ ሠራተኛ በማስለቀቂያ ፈሳሽ ልትጠርገው ስትል እህቴ ጮኻ ከለከለቻት፤ ቤት ስትደርስ ደግሞ ጎረቤታችን ጤና አዳም ይጨመቅላት አሉ፣ እናታችን የጡት ወተት ፍለጋ ተነሣች። ሁሉም ከመጨነቅ ነው። እኔ ግን በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ወደምትሠራው የዓይን ነርስ ይዣት ሮጥኩ። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም።

መጀመሪያ የማጣበቂያውን ጠርሙስ እንዳመጣ ላከችኝ፤ የገባውን ሳታውቅ አልነካም አለች። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፋሻ ቆቡ ላይ እያደረገች ስትቀያይር ቆየች። ሽፋሽፍቷ ሥር የዓይን ቅባት ቀባች፣ የተጣበቁትን ፀጉሮች በትንሽ መቀስ አንድ በአንድ ቆረጠች። አንዴም አልጎተተችም፤ ቢጎተት የቆቡ ቆዳና የብሌኑ ገጽ አብሮ ሊላጥ እንደሚችል ነገረችን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዓይኗ በአፍንጫዋ በኩል ተከፈተ። ነርሷ ቆቡን ገልብጣ የደረቀ የማጣበቂያ ቅርፊት በእርጥብ ጥጥ አነሣች።

ቀጥላ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወረቀት ዓይኗን አስነክታ ሰማያዊ መብራት አበራች። ብሌኑ ላይ ቅርፊቱ የጫረው መስመር አረንጓዴ ሆኖ አበራ። እናቴን ጠርታ አሳየቻትና እንዲህ አለቻት፦ «እናቴ፣ እዚህ ጭረት ላይ የቅጠል ጭማቂም ሆነ ወተት ቢገባ ጀርም ይዞ ይገባል። ካመረቀዘ ሲድን ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው መሃሉ ላይ ከዋለ ብርሃን አያሳልፍም።» እናቴ ዝም ብላ መስመሩን ስታይ ቆየች።

እህቴ ለምርመራው የተጨመረላትን ማደንዘዣ ጠብታ ቤት ልትወስደው ለመነቻት። ነርሷ አልሰጠችም፤ ሕመሙን ደብቆ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የዓይን ጠብታም እንዳትጨምር አስጠነቀቀቻት፤ አንዳንዱ መቅላቱን እያጠፋ ኢንፌክሽኑን ያባብሳል። የሰጠቻት ፀረ ተሕዋስያን ቅባት ነው። ሕመሙ ከጨመረ፣ ብርሃን ካስቸገራት ወይም ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሆስፒታል እንድትሄድ ነገረቻት።

ማክሰኞ በዚያው ቀለምና መብራት ስትታይ አረንጓዴው መስመር ጠፍቷል። እህቴ ሠርጉ ላይ አልተገኘችም፣ ዓይኗ ግን ደኅና ነው። እህቴ ነርስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናንተም ማጣበቂያ፣ ኩል ወይም ማንኛውም ነገር ዓይናችሁ ከገባና ዓይናችሁ ከተከፈተ፣ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የዓይን ክፍል ሂዱ፤ ጠርሙሱንም ይዛችሁ።