የአባታችን የባንክ ገንዘብ እንዲወጣ ለረዱን አቤቱታ ጸሐፊ ምስጋና

አባታችን በስማቸው ብቻ የከፈቱት የቁጠባ ሂሳብ ነበራቸው። ኑዛዜ አልተዉም። ገንዘቡ ሰሞኑን ወጥቶልናል፤ ለዚህም የማመሰግናቸው አዲስ አበባ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ የሚጽፉ አንድ አባት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልወደዱም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን ውክልና ነበረው። አቤቱታ ጸሐፊው ግን «ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል» አሉት። ባንክ የሚቀበለው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ነው። ለእሱ ደግሞ ከወረዳው ወሳኝ ኩነት የሞት የምስክር ወረቀት፣ የእኛ መታወቂያና ልጆቹ መሆናችንን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

ከዚያ የባንክ ደብተሩን ተቀብለው ከሞት የምስክር ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። አንዱ «ወ/ማርያም» ይላል፣ ሌላው «ወልደማርያም»። ለእኛ ያው አንድ ስም ነው። ባንክ ቤት ግን ፋይል የሚመለሰው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ሁለቱንም በእርሳስ አከበቡና አቤቱታው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ፦ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መጠሪያ መሆናቸው በውሳኔው ይገለጽልን። ምስክሮቹም ይህንኑ ተናገሩ፤ ፍርድ ቤቱም ውሳኔው ውስጥ አስገባው። ባንኩ ስለ ስሙ አንድም ጥያቄ አላነሳም።

እናታችንንም ያልረሱልን እሳቸው ናቸው። ሚስት በሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ግን በትዳር ውስጥ ከተቆጠበ ገንዘብ ግማሹ የራሷ ነው። ለምሳሌ ሂሳቡ ላይ 240,000 ብር ቢኖር 120,000ው የእናት ነው። ቀሪው ለአራት ልጆች እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30,000 ይደርሳል። ስለዚህ የሚስትነቷ ማስረጃም አብሮ እንዲቀርብ አደረጉ። ይህ ቢቀር ገንዘቡ በሙሉ በልጆች ስም ይወጣና እናት ድርሻዋን ከልጆቿ ልትለምን ነው። ይኼ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

ባንኩ ማኅተም ያረፈበትን የውሳኔ ግልባጭ፣ የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ ደብተሩን፣ የሁላችንንም መታወቂያና ሁላችንም የፈረምንበትን ማመልከቻ ተቀበለን። ሪያድ ያለችው እህታችን ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ላከች፤ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሰነዶች ማረጋገጫ አለፈ። «ከባንክ ገንዘብ ማውጣት» የሚለው በግልጽ እንዲጻፍበት አስቀድመው ነግረዋት ነበር። ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ የሞግዚትነት ማስረጃ ይጠየቃል።

ዋጋቸውን ከመጻፋቸው በፊት ይናገራሉ። በወራሾች መካከል ክርክር ካለ ደግሞ «ይኼ የጠበቃ ሥራ ነው» ብለው ይመልሷችኋል። ስትሄዱ ደብተሩንና የሞት የምስክር ወረቀቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።