የፎቶ መለወጫ ፕሮግራም ስትመርጡ፦ ፊቱን የሚያስቀረው ቁጥር

የሰው ፎቶ ሰጥታችሁ የዘይት ቀለም ሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈለጋችሁ፣ ከዋጋው በፊት strength የሚለውን ማስተካከያ ተመልከቱ። ሥዕሉ ሰውየውን ይምሰል ወይስ ሌላ ሰው ይሁን የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ያለ ፕሮግራም ፎቶው ላይ የተዘበራረቀ ነጠብጣብ ይጨምርበትና እሱን እያጠራ አዲስ ምስል ያወጣል። ቁጥሩ የሚናገረው የነጠብጣቡን መጠን ነው፤ 0 ላይ ፎቶው ሳይነካ ይቀራል፣ 1 ላይ ከፎቶው የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ነጠብጣቡ ቀድሞ የሚሸፍነው ጥቃቅኑን ነገር ነው። ችግሩ ደግሞ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ይኸው ጥቃቅን ነገር መሆኑ ነው።

ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ያላት ፍንጭት ሴት ፎቶ እንውሰድ። 0.3 ላይ ምልክቱም ፍንጭቷም አሉ፤ ውጤቱ ግን ከሥዕል ይልቅ ቀለም የተነካካ ፎቶ ይመስላል። 0.5 አካባቢ ሥዕልነቱ ይመጣል፣ ምልክቱ ይጠፋል፣ ጥርሷም ሊገጥም ይችላል፤ እኅቷ ትመስላለች። በብዙ ፕሮግራሞች ተሞልቶ የሚገኘው 0.75 ላይ የሚተርፈው የአንገቷ አዘነባበልና የብርሃኑ አቅጣጫ ነው፤ ፊቱ የሌላ ሴት ነው። ቁጥሮቹ ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ይለያያሉ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው።

ስለዚህ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ» ብቻ የሚል ፕሮግራም ለመልክዓ ምድር ይበቃል፣ ለፊት ግን አልመክረውም። ወሳኙ ልዩነት ከ0.35 እስከ 0.55 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ስለሆነ በሦስት ቁልፍ አይያዝም። ቁጥሩን በነፃነት የሚያስገባና seed የሚባለውን መነሻ ቁጥር የሚቆልፍ ይሻላል፤ ያለ እሱ የፊቱ ለውጥ ከ strength ይሁን ከዕድል መለየት አይቻልም። የቁጥሩን አቅጣጫም አረጋግጡ። ሚድጆርኒ በሚባለው ፕሮግራም --iw የሚለው ቁጥር ሲጨምር ለፎቶው የሚሰጠው ክብደት ይጨምራል፣ ማለትም የተገላቢጦሽ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት እንደ IP-Adapter FaceID ያለ የፊት ማጣቀሻ ያለው ነው። የፊቱን መለያ ከፎቶው ለብቻው ወስዶ ስለሚያስገባ strength ወደ 0.7 ቢወጣ እንኳ መመሳሰሉ በአብዛኛው ይቆያል። ሙሉ ሥዕልነትም መልክም ለሚፈልግ ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ይህ ነው። ሆኖም የሚጠብቀው አጠቃላይ መልክን ነው፤ ያንን የጉንጭ ምልክት እሱም ሊጥለው ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሰዎች ከሩቅ የቆሙበትን ፎቶ ሞክሩ። ስቴብል ዲፊውዥን ምስሉን በስፋትም በቁመትም 8 ጊዜ አሳንሶ ስለሚሠራ፣ 64 ፒክስል ስፋት ያለው ፊት በስፋቱ 8 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለው ፊት በ0.3ም ይበላሻል። መፍትሔው ፊቱን ብቻ ከልሎ፣ አጉልቶ፣ በዝቅተኛ strength ሠርቶ ወደ ቦታው የሚመልስ inpaint ነው። የቡድን ፎቶ የምትሠሩ ከሆነ ይህ የሌለውን ፕሮግራም አትግዙ።