«እስከ ደረቅ ወደብ ድረስ ነው» ካሏችሁ ቢኤሉ ላይ ሳታዩት እንዳታምኑ

ወገን፣ ባህር በር የሌለው አገር ውስጥ ሆናችሁ እቃ በኮንቴነር ልታስመጡ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡና ከዛ ክፈሉ። ቢኤል የምለው ቢል ኦፍ ሎዲንግን ነው፣ የመርከብ ድርጅቱ ለጭነቱ የሚያወጣው ሰነድ። እኔና ሸሪኬ ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የወለል ሴራሚክ ስናመጣ ሁለት ፎርዋርደሮች፣ ማለት ጭነት የሚያስጓጉዙ ወኪሎች፣ ዋጋ ሰጡን፣ አንዱ በኮንቴነር 5,200 ዶላር አለ ሌላው 4,100፣ ሁለቱም በስልክ «እስከ ደረቅ ወደብ ነው» አሉን፣ እኛም 2,200 ዶላር አተረፍን ብለን ርካሹን ያዝን። ሂሳቡ ሲዘጋ ውዱን ብንይዝ ኖሮ ከምንከፍለው 1,920 ዶላር በላይ አውጥተን ተገኘን። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፣ ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፣ አሰራሩ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ምንም ችግር አልነበረም። የመርከብ ድርጅቱ ባዶ ኮንቴነር ከዴፖው ይለቃል፣ መኪና ይዞት ፋብሪካው በር ይሄዳል፣ ሴራሚኩ በፎርክሊፍት ይገባል። ሴራሚክ ከባድ ስለሆነ ኮንቴነሩ ሳይሞላ ክብደቱ ይሞላል፣ እኛ ወደ 26 ቶን ነበር የጫንነው፣ ፎቶ ላይ ስታዩት ከላይ ግማሹ ባዶ ነው፣ ሸሪኬ መጀመሪያ ሲያየው «አጉድለው ጫኑብን» ብሎ ሊጣላ ነበር። በሩ ሲዘጋ ፕሎምፕ የሚባል ማሸጊያ ይመታበታል፣ ቁጥሩ ይመዘገባል። ከዛ ጠቅላላ ክብደቱ ተረጋግጦ ለመርከቡ ይላካል፣ ከ2016 ሐምሌ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ያ ክብደት ካልቀረበ መርከብ ላይ አይጫንም። መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ወደብ ደርሶ ወደ ሌላ መርከብ ተዛወረ፣ ኮንቴነሩ ግን አይከፈትም፣ በክሬን ተነስቶ በክሬን ይቀመጣል ያው ነው። አንድ ወር ገደማ ፈጀ። እስከዚህ ሁለቱም ፎርዋርደሮች አንድ አይነት ስራ ነው የሚሰሩት።

ልዩነቱ የሚመጣው ኮንቴነሩ የጎረቤት አገር ወደብ ላይ ሲወርድ ነው። እዛ ጋ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የመርከብ ድርጅቱ ኮንቴነሩን እስከ ደረቅ ወደቡ የማድረስ ኃላፊነት አለበት፣ መኪናውንም ባቡሩንም እሱ ያመጣል፣ ወይ ደግሞ ስራው ባህሩ ዳር ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ የናንተ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ፎርዋርደሩ በስልክ ያለው ነገር አይደለም፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ነው። ቢኤሉ ላይ «ፖርት ኦፍ ዲስቻርጅ» የሚል ሳጥን አለ፣ እቃው ከመርከብ የሚወርድበት ወደብ ማለት ነው፣ አጠገቡ ደግሞ «ፕሌስ ኦፍ ደሊቨሪ» የሚል፣ የማስረከቢያው ቦታ። ደረቅ ወደቡ መጻፍ ያለበት ሁለተኛው ውስጥ ነው። የኛ ባዶ ነበር።

እሺ ባዶ መሆኑን እንዴት አላያችሁም ትሉኝ ይሆናል፣ አየነውኮ! ድራፍቱ ሲላክልን ሸሪኬ ጠየቀ፣ ፎርዋርደሩ ምን አለው መሰላችሁ፣ «ታች ተጽፏል ወንድሜ፣ ወረድ ብለህ እየው»። ወረድ ብለን ስናይ እውነትም የእቃው ዝርዝር በተጻፈበት ቦታ ላይ፣ ከካርቶኑ ብዛትና ከክብደቱ ስር፣ የደረቅ ወደባችን ስም አለ። ደስ አለን። ግን ሙሉው አረፍተ ነገር «ጭነቱ ወደ እንትን ደረቅ ወደብ በትራንዚት የሚያልፍ ነው፣ በተቀባዩ ወጪና ኃላፊነት» ነው የሚለው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት አንብበን አለፍናቸው፣ የተለመደ ማስፈራሪያ መሰለን። ያቺ ግን ማስፈራሪያ ሳትሆን ውሉ ራሱ ናት። የከተማው ስም እዛ የገባው የወደቡ ጉምሩክ እቃው አላፊ መሆኑን እንዲያውቅ ብቻ ነው፣ እስከዛ ማንም እንደሚያደርስላችሁ አይናገርም።

ኢንቮይሱም አልጠቆመንም፣ እንደውም አሳሳተን። ሻጩ «ሲአይኤፍ» ብሎ ጎኑ ላይ የደረቅ ወደባችንን ስም ጻፈበት። ሲአይኤፍ የባህር ውል ነው፣ ከጎኑ የሚጻፈው የባህር ወደብ ነው መሆን ያለበት። ወደ መሀል አገር ለሚዘልቅ ጭነት «ሲፒቲ» ወይም ኢንሹራንስ ያለበት ከሆነ «ሲአይፒ» የሚባሉ አሉ። ሲአይኤፍ ላይ ሻጩ የመግባት ግዴታ ያለበት ኢንሹራንስ ዝቅተኛው አይነት ነው፣ እሱም የሚጠበቅበት እስከ ባህር ወደቡ ድረስ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ስምምነት ከሌለ ተሳቢው ገደል ቢገባ ኪሳራው የናንተ ሊሆን ይችላል። የኛ አልገባም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ያኔ ይሄን ሳናውቅ ነበር ተኝተን የምናድረው።

አሁን ዋናው ጉድ፣ ቀኑ። የኮንቴነሩ ባለቤት እናንተ አይደላችሁም፣ የመርከብ ድርጅቱ ነው፣ ስለዚህ የተወሰነ ነጻ ቀን ይሰጣችኋል፣ ከዛ ካለፈ በየቀኑ ያስከፍላል። ሙሉ ሆኖ ወደብ ግቢ ውስጥ ሲቆይ የሚቆጥረው ዲመሬጅ ይባላል፣ ወጥቶ ባዶው እስኪመለስ የሚቆጥረው ዲቴንሽን ነው፣ የኛ ውል ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ነበር የሚቆጥራቸው። ፎርዋርደሩ «14 ቀን ፍሪ አለህ» ሲለን 14 ቀን ረጅም መሰለን። ከየት ተነስቶ የት ድረስ ብለን አልጠየቅንም። የሚነሳው ኮንቴነሩ ከመርከብ ከወረደበት ቀን ነው፣ የሚቆመው ባዶው ተመልሶ ያው የባህር ወደብ በር ሲገባ ነው። የባህር ወደብ! ከዛ ስንት ቀን ርቃ ላለች አገር።

በኛ እንዲህ ሄደ። ኦርጅናል ሰነዱ ደርሶ የትራንዚት ዲክላራሲዮን ተሰርቶ ዋስትናው እስኪያዝ 9 ቀን። ከዛ መኪና የለም፣ መርከብ ሲገባ ሁሉም አስመጪ ባንዴ መኪና ይፈልጋል፣ 4 ቀን። መንገድ ላይ ከነኬላው 3 ቀን። እዚህ ላይ 16 ሆነ፣ ነጻው ቀን አልቋል፣ እኛ ግን እቃውን ገና በአይናችን አላየነውም። ደረቅ ወደብ ገብቶ ፕሎምፑ ከቢኤሉ ጋር ተመሳክሮ (ገጠመ፣ ያው ነበር) ቀረጡ ተከፍሎ እስኪለቀቅ 7 ቀን። ማራገፍ 1 ቀን። ባዶውን የሚመልስ መኪና 3 ቀን አስጠብቆ 3 ቀን ሄደ። ድምር 30 ቀን፣ 14ቱ ሲነሳ 16 የሚከፈልበት ቀን። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት በ20 ዶላር 140፣ የቀሩት 9 ቀናት ደግሞ ታሪፉ ስለሚጨምር በ40 ዶላር 360፣ ለአንድ ኮንቴነር 500፣ ለሁለቱ 1,000።

መኪናው ደግሞ ባዶ መመለሻውን ጨምሮ ለአንዱ 1,300 ነው፣ ለሁለቱ 2,600። ወደቡ የራሱን የማቆያና የማንሻ ብሎ 340 ወሰደ፣ ይሄ ከመርከቡ ሂሳብ ውጪ ነው፣ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታዋል። ውዱ ፎርዋርደር ይሄንን ሁሉ 5,200ው ውስጥ አስገብቶት ነበር፣ ነጻው 21 ቀን ደግሞ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ነበር የሚጀምረው፣ ባዶውንም እዛው ደረቅ ወደብ ነበር የሚረከበው። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፣ እኛ ቁጥሩን ብቻ አየን።

አንዷ የምታናድደኝ ግን ትንሿ ናት፣ 180 ዶላር። ኮንቴነር ከወደብ በር ሲወጣ ሾፌሩ የሚፈርምበት የርክክብ ወረቀት አለ፣ የኮንቴነሩ ስዕል በስድስቱም ጎን ተስሎበታል፣ የተጋጨ ወይም የተቀደደ ቦታ ካለ እዛ ስዕል ላይ ምልክት ይደረጋል። አንዱ ኮንቴነራችን የግራ በሩ ታች፣ መዝጊያው ብረት ስር፣ ቡጢ የሚያክል ጭርምት ነበረው፣ ዝጎም ስለነበር የቆየ እንደሆነ ያስታውቃል። ሾፌሩ ወረፋ ላይ ስለነበር ዝም ብሎ ፈረመ፣ ስዕሉ ንጹህ። ስንመልስ የዴፖው ሰው በጠመኔ ክብ ሰራበት፣ ፎቶ አነሳ፣ «ወረቀታችሁ ንጹህ ነው የሚለው» አለን። ምን ትላለህ። ከተያዘብን ዲፖዚት ላይ ቆረጡ። ዲፖዚቱ ራሱ በኮንቴነር 1,000 ዶላር ነበር፣ ቀሪው ሊመለስ ሁለት ወር ፈጀ፣ ያ ገንዘብ ለሚነግድ ሰው ሞተ ማለት ነው።

እና ዋጋ ስትጠይቁ ጠቅላላውን ከመስማታችሁ በፊት ፕሌስ ኦፍ ደሊቨሪው ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ፍሪ ታይሙ ከየት እንደሚነሳ፣ ባዶው የት እንደሚመለስ በጽሁፍ ይላኩላችሁ። ሦስተኛውን ሲሰሙ ዋጋውን ራሳቸው የሚያስተካክሉ አጋጥመውኛል፣ ያኔ ነው የሚገባችሁ። ድራፍት ቢኤሉን ደግሞ መርከቡ ሳይነሳ አርሙት፣ ከተነሳ በኋላ ማስተካከያ ያስከፍላል፣ ከወረደ በኋላ ደግሞ በግድ ወደ ደረቅ ወደብ አድርስልኝ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፣ መኪና ፈልጉ ነው የሚሏችሁ።

ለሾፌሩ ደግሞ ከበር ከመውጣቱ በፊት የአራቱን ጎንና የበሩን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክ ንገሩት፣ የኮንቴነሩ ቁጥር አብሮ ይታይ። አሁን አንድ ኮንቴነር ባህር ላይ አለን፣ ድራፍቱ ሲመጣ ያቺ «በተቀባዩ ወጪና ኃላፊነት» የምትለዋ መስመር ደግማ ተሰክታ አገኘናት፣ በሌላ ፎርዋርደር ነው ደግሞ። አውጡልን አልን፣ «ፎርማቱ ነው» አሉ፣ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን፣ ወጣች። ፕሌስ ኦፍ ደሊቨሪውም ተሞላ።